እሷ ሪያድ፣ እሱ አዲስ አበባ፣ ፎቶው ሐይቅ ዳር

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ፎቶ ቤት የከፈተ ሰው ይህን ጥያቄ በደንብ ያውቀዋል። ሽማግሌ ተልኳል፤ ቤተሰብ እሺ ብሏል። እጮኛሞቹ ግን አንድ ቦታ የሉም። እሷ ዐረብ አገር ናት፣ እሱ አዲስ አበባ ሥራ ላይ ነው። እናትየው «አንድ ላይ ሆነው፣ አገራቸው ላይ ቆመው ልያቸው» ትላለች። ሳሎን የሚሰቀል አንድ ፎቶ ነው የተፈለገው።

ሁለት ለየብቻ የተነሡ ፎቶዎችን አንድ ማድረግ ይቻላል። ብዙ ጊዜ ግን ውጤቱ ሲታይ ዓይን ይጎረብጠዋል። አንዱ ግዙፍ፣ ሌላዋ ትንሽ ትሆናለች። ወይም ሁለቱም ሣሩ ላይ ሳይሆን አየር ላይ የቆሙ ይመስላሉ። ሰው ጥፋቱን ፎቶሾፕ ላይ ይፈልጋል፤ ጥፋቱ ያለው ግን ከዚያ በፊት ነው። ሦስቱ ፎቶዎች፣ ማለትም የእሷ፣ የእሱና የቦታው፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን፣ በአንድ የካሜራ ከፍታና በአንድ ርቀት ከተነሡ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚቀረው ሥራ ቀላል ነው። ካልተነሡ ግን የቱንም ያህል ብትለፉ ስፌቱ ይታያል።

እዚህ አንድ ምሳሌ ይዤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እወስዳችኋለሁ። ቦታው ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቅ ዳርቻ ነው፤ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ፎቶው 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይታተማል።

ከማን ትጀምራላችሁ?

ድጋሚ ለመነሣት ከሚቸገረው ሰው። በእኛ ምሳሌ ይህ ሰው እሷ ናት። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት አላት፤ ያን ቀን ጓደኛዋ ታነሣታለች። እሱ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ደጋግሞ መነሣት ይችላል። ሐይቁ ደግሞ የትም አይሄድም። ስለዚህ የእሷ ፎቶ ይቀድማል፣ እሱ እሷን ይከተላል፣ ቦታው ሁለቱንም ይከተላል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። መጀመሪያ አንድ የሚያምር የሐይቅ ፎቶ ይመርጥና ሰዎቹን በግድ ያስገባበታል።

ለእሷ የምትልኩላት መመሪያ አጭር ይሁን። በድምፅ ብትልኩላት ይሻላል፤ ጓደኛዋም ትሰማዋለች። የምትሏት ይህን ነው፦

ውጭ ወይም ጣራ ላይ ወጥታ ትቁም። ጥላዋን ትይ። ጥላዋ ከቁመቷ ሁለት እጥፍ ያህል ሲረዝም ሰዓቱ ደርሷል ማለት ነው፤ ፀሐይዋ ያን ጊዜ ዝቅ ብላ ለስለስ ያለ ብርሃን ትሰጣለች። «ከቀኑ 10 ሰዓት» ብላችሁ ብቻ አትቅጠሯት። ሪያድና ሐይቅ በአንድ ሰዓት ላይ ፀሐይ እኩል ከፍታ ላይ አትገኝም። ጥላ ግን በየትም አገር እውነቱን ይናገራል።

ፀሐይዋ ካሜራ ከያዘችው ጓደኛ በስተግራና ከኋላዋ ትሁን። ጥላው ወደ ቀኝና ወደ ኋላ ይወድቃል ማለት ነው። ጓደኛዋ ስልኩን 1 ሜትር ከ40 ከፍታ ላይ፣ ትከሻዋ አካባቢ፣ ቀጥ አድርጋ ትያዝ፤ ወደ ላይም ወደ ታችም አታዘንብለው። ሰባት ትልልቅ እርምጃ፣ ወደ 5 ሜትር ተኩል ትራቅ። ስልኩ 2x የሚል ሌንስ ካለው በእሱ ታንሣ። ተጠግቶ ማንሣት ፊትን ያሰፋል፣ አፍንጫን ያጎላል፤ በኋላ ከእሱ ፊት ጋር አይገጥምም። ከጫማዋ እስከ ራሷ ሙሉ ትታይ። ሰውነቷን በትንሹ ወደ ካሜራው ቀኝ ታዙር፤ እሱ የሚቆመው በዚያ በኩል ነውና።

ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ነጭ ወይም ግራጫ ቢሆን ግማሽ ድካም ይቀንስላችኋል። ምክንያቱ ነጠላዋ ነው። ነጠላ ስስ ነው፤ ከኋላው ያለውን ያሳልፋል። ግድግዳው ሮዝ ከሆነ ነጠላው ውስጥ ሮዝ ገብቶ ይቀራል፤ በኋላ ሐይቅ ዳር ስትቆም ከየት መጣ የማይባል ሮዝ ጠርዝ ይኖራታል።

ፎቶውን ስትልክ በቴሌግራም «ፋይል»፣ በዋትስአፕ «ዶክመንት» አድርጋ ትላከው። እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ ተጨምቆ ይደርሳችኋል፤ ፀጉሯ ጭቃ የተቀባ ይመስላል። ቁመቷንና የጫማዋን ተረከዝም ጠይቋት። ሌላውን የሚረሳ የለም፤ ቁመትን መጠየቅ ግን ሁሉም ይረሳል።

እሱም ልክ እንደዚሁ ይነሣል፤ ብርሃኑ ከግራ፣ ስልኩ 1 ሜትር ከ40፣ ርቀቱ ሰባት እርምጃ። ልዩነቱ እሱ ወደ ካሜራው ግራ ዞር ማለቱ ነው። ወደ እሷ ያለውን እጁን በትንሹ ወደ ኋላ ይላከው። ምክንያቱን ቆይተን እናያለን።

ፀሐይ ላይ መነሣት ካልቻለችስ?

ይህ ብዙ ያጋጥማል። ከቤት እንደልብ የማትወጣ ልጅ ያላት አንድ መስኮት ብቻ ሊሆን ይችላል። አብሽሩ፣ ይቻላል። የመስኮት ብርሃን ለስላሳ ነው፤ ጥላው ጠርዝ የለውም። እንግዲያው እሱንም ጥላ ሥር አንሡት፣ ሐይቁንም ደመና በሆነበት ቀን አንሡት። ደመናማ ሐይቅ ያምራል። ለስላሳ ብርሃን ያለበትን ሰው ግን ፀሐይ ከሚያንጸባርቅበት ውኃ ፊት ማቆም በምንም ማስተካከያ አይድንም።

እሷ ከቀኝ፣ እሱ ከግራ ብርሃን መትቷቸው የመጡ ፎቶዎችስ? አንዱን አግድም መገልበጥ ይቻላል። ነገር ግን ከመገልበጣችሁ በፊት ሸሚዙን እዩ፤ ቁልፎቹ ወደ ሌላ ጎን ይዞራሉ። ቀለበት ካለ እጅ ይቀይራል። የፀጉር ክፍልፋይም ይዞራል። እናት ይህን ወዲያው ታውቃለች። ድጋሚ ማስነሣት የሚቻል ከሆነ ድጋሚ ማስነሣት ይሻላል።

ሐይቅ ዳር

ከውኃው ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በከተማዋ በኩል ቁሙ። ካሜራውን ወደ ሰሜን ምሥራቅ አዙሩ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከግራችሁና ከኋላችሁ ትሆናለች፤ ልክ እሷ በተነሣችበት አቅጣጫ ማለት ነው። ጥላችሁ ከቁመታችሁ ሁለት እጥፍ እስኪሆን ጠብቁ።

አሁን ሥራውን ሁሉ የሚያቀልለው ነገር ይመጣል። አብሯችሁ የመጣ ሰው እጮኛሞቹ በሚቆሙበት ቦታ፣ ሣሩ ላይ፣ ይቁም። ቁመቱን ማወቅ አለባችሁ፤ 1 ሜትር ከ70 ነው እንበል። ካሜራውን 1 ሜትር ከ40 ላይ በሦስት እግር አቁሙ፣ ሰባት እርምጃ ራቁ፣ አንድ ጊዜ አንሡት። ከዚያ ይውጣ። ካሜራውን ሳትነኩ ባዶውን ቦታ ድገሙ። ሁለተኛው ፎቶ መደባችሁ ነው። የመጀመሪያው ግን መለኪያችሁ ነው፤ ሰው እዚያ ቦታ ላይ ምን ያህል እንደሚያህል፣ ጥላው ወዴት እንደሚወድቅ፣ ሣሩ ጫማውን እስከየት እንደሚሸፍነው ሁሉንም ይነግራችኋል።

ቦታ ስትመርጡ እግር የሚረግጠው መሬት ላይ አተኩሩ። ቁርጭምጭሚት የሚነካ ሣር ካለ ደስ ይበላችሁ። ሲሚንቶና ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እግርን ማሳመን ከባድ ነው። መስከረም ላይ አደይ አበባ ካገኛችሁ ደግሞ ከፊት ለፊት ጥቂቱን አስገቡ። ሌላም ነገር አለ፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶች አይገቡበትም። ስለዚህ ሙሽሪትን ገዳሙ ቅጥር ውስጥ ያቆመ ፎቶ፣ አገሩን የሚያውቅ ሁሉ ስህተት መሆኑን ወዲያው ያያል፤ ቤተሰብንም ያስቀይማል። ዳርቻው ይበቃል።

መጠኑን በቁጥር እንሥራው

ፎቶሾፕ ላይ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር፣ 250 ፒክሰል በኢንች የሆነ አዲስ ገጽ ክፈቱ። 2953 በ3937 ፒክሰል ይሆናል። ለግድግዳ ፎቶ ይህ ይበቃል። መለኪያውንና ባዶውን ፎቶ በሁለት ሌየር አስገቡ፤ ሁለቱንም አብራችሁ መርጣችሁ በአንድነት አሳንሱ፣ ቦታቸው እንዳይዛነፍ።

የቆመው ሰው ከራሱ እስከ ጫማው 1700 ፒክሰል እስኪሆን አሳንሱት። 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 1700 ፒክሰል ከሆነ፣ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 10 ፒክሰል ነው። ከዚህ በኋላ የሁሉም መጠን ይታወቃል። እሱ 1 ሜትር ከ75 ከሆነ 1750 ፒክሰል ይሆናል። እሷ 1 ሜትር ከ62 ሆና 6 ሴንቲ ሜትር ተረከዝ ካደረገች 1680 ትሆናለች። በዓይን ግምት ብቻ ስትሠሩ ሴቷን ከልክ በላይ ማሳነስ ይቀናል፤ ቁጥሩ ከዚህ ያድናችኋል።

አሁን ማረጋገጫው። ውኃው ዳር ላይ፣ ደልዳላ ቦታ ቆማችሁ ካነሣችሁ፣ የማዶው ዳርቻ ውኃውን የሚነካበት መስመር ከካሜራችሁ ከፍታ ጋር እኩል ሆኖ ይታያል። ካሜራው 1 ሜትር ከ40 ላይ ስለነበር፣ ያ መስመር በእዚያ መሬት ላይ የቆመን ሰው ሁሉ 1 ሜትር ከ40 ላይ ይቆርጠዋል። ከእግራቸው 1400 ፒክሰል ከፍ ብሎ ማለት ነው። እሱን ከትከሻው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ እሷን ትከሻዋ አካባቢ ያልፋል። መስመሩ እሱን ወገቡ ላይ፣ እሷን አገጯ ላይ ካለፈ፣ ወይ መጠናቸው ወይ የቆሙበት ቦታ ስህተት ነው። ፎቶው ከኮረብታ ላይ ከተነሣ ግን ይህ ሕግ አይሠራም፤ ከላይ ሲታይ ማዶው ዝቅ ይላል። ሰዎቹ ደግሞ ከፊት ለፊት ስለተነሡ ቀድሞውኑ ከኮረብታ ፎቶ ጋር አይሄዱም። የጦሳ ተራራ ጫፍ ላይ ሆኖ ደሴን ቁልቁል የሚያሳይ ፎቶ ላይ እጮኛሞችን የምትለጥፉ ካላችሁ፣ የማያምረው ለዚህ ነው።

መቁረጥ

Select Subject ተጠቀሙ፤ ከዚያ Select and Mask ውስጥ ግቡ። የፀጉሩን ጠርዝ በ Refine Edge ብራሽ ዳብሱት። ልብሱንና ጫማውን በእሱ አትንኩ፤ እነሱ ጥርት ያለ ጠርዝ ነው የሚፈልጉት። ሹሩባ ከተሠራች ወይም ሻሽ ካሰረች ይህ ክፍል በአጭሩ ያልቃል። ፀጉሯ ከተለቀቀ ጊዜ ስጡት። ጠርዙ ላይ የግድግዳው ቀለም ቀጭን መስመር ሆኖ ከቀረ Shift Edge ን ወደ −20 አካባቢ አውርዱ። ውጤቱን ሁልጊዜ በ Layer Mask አውጡ። የተሰረዘ ነገር አይመለስም፤ ማስክ ግን በነጭ ብራሽ ይመለሳል።

ስሱን የነጠላ ጫፍ ማስኩ ላይ በግራጫ ብራሽ ቀቡት፤ ትንሽ አሳልፎ ሐይቁን ያሳይ። ከኋላው ግድግዳ የሌለ የሚመስለው ያኔ ነው።

አንድ ላይ ማቆም

እሷን ከግራ፣ እሱን ከቀኝ አድርጉ። የእሷ ሌየር ከላይ ይሁን። ትከሻዋ የእሱን ደረት በትንሹ ይሸፍን። ያ ወደ ኋላ የላከው እጁ አሁን ከጀርባዋ ይደበቃል፤ ተመልካች አቅፏታል ብሎ ያየዋል። ለየብቻ ከተነሡ ፎቶዎች እጅ ለእጅ ማያያዝ ግን አትሞክሩ። ጣት ጣትን ሲጫን ቆዳው ይረገጣል፣ ጥላ ይገባል፤ ያን በብራሽ መሥራት ለባለሙያም አስቸጋሪ ነው። የተደበቀ እጅ ይበልጣል።

እሷ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ስለወጣች እግሯ ከእሱ እግር 25 ፒክሰል ገደማ ዝቅ ይበል፣ መጠኗም 2 በመቶ ይጨመር።

ቀለም፦ ነጩን እኩል አድርጉ፣ ቆዳውን ተዉት

ሁለቱም ነጭ ነገር ለብሰዋል፤ እሱ ሸሚዝ፣ እሷ የሐበሻ ቀሚስ። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። Info የሚለውን ሰሌዳ ክፈቱና ፀሐይ የመታውን ነጭ ክፍል የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ቁጥር በቅደም ተከተል አንብቡ። የእሱ ሸሚዝ 238፣ 236፣ 230 ይላል እንበል። የእሷ ቀሚስ 232፣ 215፣ 190 ይላል። የእሷ ሦስተኛው ቁጥር፣ ሰማያዊው፣ በጣም ዝቅ ብሏል። ስለዚህ ቀሚሱ ቢጫ ይመስላል፤ አሸዋማ ቀለም ያለው ግድግዳ አንጸባርቆበት ሊሆን ይችላል። በእሷ ሌየር ላይ ብቻ የሚሠራ Curves ጨምሩ፤ ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ከፍ አድርጉ፤ ቀሚሱ ከሸሚዙ ጋር እስኪቀራረብ። ቆዳዋ አብሮ ይስተካከላል።

ከዚያ በላይ ቆዳዋን አትንኩ። እሱን እንዳለ ትቶ እሷን ብቻ ማንጣት በየፎቶ ቤቱ የተለመደ ነው። ፊቷ ከእጇ ይለያል፣ ሁለቱ በሁለት ብርሃን የቆሙ ይመስላሉ፤ ከሁሉም በላይ እናቷ የምትፈልገው የራሷን ልጅ ነው።

ጥቁረቱን ለማየት ከሁሉ በላይ አንድ Black & White ሌየር ጊዜያዊ አድርጋችሁ ጨምሩ። ቀለም ሲጠፋ የብርሃን ልዩነት ገሃድ ይወጣል። የእሱን ኮት ጥቁረት አጠገቡ ካለው ድንጋይ ጥላ ጋር አስተያዩ። ከማዶው ተራራ ጋር አይደለም። ማዶው በአየሩ ምክንያት ስለሚገረጣ ከእሱ ጋር ካመሳሰላችሁት ሰውየውም ይገረጣል። ስትጨርሱ ሌየሩን አጥፉት።

እግር ሥር

«ልጄ አየር ላይ ቆማለች» የምትል እናት እያየች ያለችው ይህን ቦታ ነው። ጥላ ሁለት ዓይነት ነው፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

የመጀመሪያው ጫማው መሬቱን የነካበት ጠባብ ጥላ ነው። አዲስ ሌየር Multiply አድርጉ፤ ቀለሙን ጥቁር ሳይሆን ከመለኪያው ሰውዬ እግር ሥር ውሰዱ። ሣር ላይ ያለ ጥላ ጠቆር ያለ አረንጓዴ እንጂ ጥቁር አይደለም። በትንሽ ብራሽ ልክ ጫማው ሥር ቀቡት።

ሁለተኛው ረጅሙ ጥላ ነው። እዚህም መለኪያው አለላችሁ፤ የእሱን ጥላ ተከትላችሁ ወደ ቀኝና ወደ ኋላ ሳሉት። እግር ሥር ጠርዙ ጥርት ይበል፤ እየራቀ ሲሄድ ይለስልስ፣ ይሳሳ። እሷም በእሱ ኮት ላይ ጥላ ትጥላለች፤ ብርሃኑ ከግራ ነውና። ትከሻዋ ኮቱን በሚነካበት ቦታ ቀጭን ለስላሳ ጥላ ጨምሩ። ይህች ትንሽ ጥላ ናት ሁለቱን እውነት ጎን ለጎን የምታቆማቸው።

ከዚያ የሣር ቅርጽ ያለው ብራሽ ያዙና በጫማቸው ማስክ ላይ ከታች ወደ ላይ በጥቁር ጫር ጫር አድርጉ። ሣሩ ጫማውን በከፊል ይሸፍነዋል። ነጩ ቀሚስ ጫፍ ላይ ደግሞ በጣም ስስ አረንጓዴ ጣል አድርጉ፤ እውነተኛ ሣር ነጭ ልብስ ላይ ቀለሙን ያንጸባርቃል።

ማጣበቂያው

ሦስት ስልክ ሦስት ዓይነት ጥራት አለው። ሁሉንም በአንድ የሚያለብስ ነገር ያስፈልጋል። ከላይ 50% Gray የተሞላ ሌየር ጨምሩ፣ Overlay አድርጉት፤ Add Noise ን በ Gaussian እና Monochromatic 3 በመቶ ያህል ስጡት። ስስ እህል ሁሉም ላይ እኩል ይወርዳል። ማዶው ተራራ ከፊታቸው ይልቅ ጥርት ካለ በትንሹ አደብዝዙት፤ የቆሙበትን ሣር ግን አታደብዝዙ።

ሲያልቅ ፎቶውን አግድም ገልብጡና እዩት። ዓይን የለመደውን ስህተት ያልፋል፤ ሲገለበጥ ግን ያየዋል። ካያችሁ በኋላ መልሱት።

ከማስረከባችሁ በፊት ለቤተሰቡ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ይህ ፎቶ ለሳሎን ነው። ለቪዛ ወይም ለኤምባሲ «አብረን የተነሣነው» ተብሎ እንዳይቀርብ። የተቀነባበረ መሆኑ ከታወቀ እውነተኛውን ጉዳያቸውን ያበላሽባቸዋል። ሁለቱም እጮኛሞች ማየትና መስማማት አለባቸው፤ ከመታተሙ በፊት ላኩላቸው።

የ PSD ፋይሉን አስቀምጡ፤ ቤተሰብ «ትንሽ ጠጋ ይበሉ» ማለቱ አይቀርም። ለኅትመት JPEG በ sRGB አውጡ። መጀመሪያ ፊታቸውንና እግራቸውን የያዘ 10 በ15 ቁራጭ አሳትሙ። ወረቀት ከስክሪን ይልቅ ይጨልማል፤ የእሱ ኮት ከጥላው ጋር ተዋሕዶ ከጠፋ፣ በ Curves መሃሉን በትንሹ ከፍ አድርጋችሁ ትልቁን ያኔ አሳትሙት።